«ሳታይሽ ውጪ»

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ በሕፃናት ማቆያው በር ላይ ትንንሽ ጫማዎች ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። ውስጥ ምንጣፍ ላይ አምስት ስድስት ልጆች አሉ። አንዱ የፕላስቲክ ኩባያ በኩባያ ላይ ይደረድራል፤ ሌላዋ ዳቦዋን እያላመጠች በሩን ታያለች። አንዲት እናት የአሥራ ስድስት ወር ልጇን ታቅፋ ገባች። ከሞግዚቶቹ አንዷ የሚንሿሿ መጫወቻ ይዛ ልጅቷን ወደ መስኮቱ ስትጠራት፣ ሌላዋ ለእናትየዋ በዓይኗ በሩን አሳየቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም «በይ ሳታይሽ ውጪ» አለቻት። እናትየዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወጣች።

ልጅቷ መጫወቻውን አንድ ሁለቴ ነቀነቀችው። ከዚያ ለእናቷ ልታሳያት ዞረች። እናቷ ተቀምጣበት የነበረውን ቦታ አየች፤ የሞግዚቷን ፊት አየች፤ በሩን አየች። መጫወቻው ከእጇ ወደቀ። ጩኸቷ ደረጃው ላይ ለደረሰችው እናት ጥርት ብሎ ይሰማል።

እናትየዋ ማታ ቤት ስትገባ ሌላ ነገር ገጥሟታል። ልጅቷ ቀሚሷን ይዛ አልለቅም አለች፤ ወጥ ቤት ስትገባ ትከተላለች፣ ሽንት ቤት ስትገባ በሩን ትደበድባለች። ሌሊት ሦስቴ አራቴ ትነቃና እናቷ አጠገቧ መኖሯን በእጇ ዳብሳ ታረጋግጣለች። «እንደዚህ አልነበረችም፤ ማቆያው ምን አድርጓት ነው?» ስትል እናት ትጠይቃለች። ብዙ ጊዜ መልሱ ማቆያው ውስጥ ሳይሆን እዚያ በር ላይ፣ ያለ ስንብት በታለፈችው ደቂቃ ውስጥ ነው።

ድሮ ለማንም ትሄድ ነበር

የአራት የአምስት ወር ሕፃን ጎረቤት ሲያቅፈው ይስቃል፤ አክስት ይዛው ብትዞር አይከፋውም። ስምንት ወር ገደማ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ያው ሕፃን እናቱ ከክፍሉ ስትወጣ ያለቅሳል፣ እንግዳ ሲያይ ፊቱን አንገቷ ውስጥ ይደብቃል። ከአሥር እስከ አሥራ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ይብሳል፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ አብዛኞቹ ልጆች ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ያልፍላቸዋል። አያቶች «ሰው ለየ» ይሉታል፤ ትክክል ናቸው። ልጁ ሰው ለይቷል።

የተለወጠው አእምሮው ነው። ትንሽ ሳለ ከዓይኑ የራቀ ነገር ከሐሳቡም ይርቅ ነበር። አሁን እናቱ በሩን ዘግታ ስትወጣ የሆነ ቦታ መኖሯን ያውቃል፤ እሷን እሷን ይላል። የማያውቀው ትመለስ እንደሆነና መቼ እንደምትመለስ ነው። «ስምንት ሰዓት» ወይም «ከሥራ በኋላ» ለእሱ ትርጉም የላቸውም። እንግዲህ ይህ ልጅ መቅረቷ የሚያሳስበውን ያህል አድጓል፤ መመለሷን የሚጠብቅበት ስሌት ግን ገና የለውም። ማልቀሱ ከዚህ የሚመጣ ነው እንጂ ከመቅበጥ ወይም ከአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። በደንብ የተያዘ፣ እናቱን አጥብቆ የሚወድ ልጅ ነው በር ላይ የሚያለቅሰው።

በዚህ ነገር ላይ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የመስክ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ነው። ሜሪ አይንስዎርዝ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እና 1955 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን እየዞረች ትጎበኝ ነበር። እዚያ ሳሎን ቁጭ ብላ ያየችው ነገር በየቤታችን ያለ ነው። ሕፃኑ ከእናቱ ጭን ይወርዳል፣ ትንሽ ዳኽ ብሎ ይርቃል፣ ዞሮ ያያታል፣ ካለች ይቀጥላል፣ አንዳንዴም ተመልሶ ጉልበቷን ነክቶ እንደገና ይሄዳል። ከዚያ አይንስዎርዝ ያገኘችው ቁም ነገር ቀላል ነው፤ ልጅ ርቆ የሚሄደው መመለሻ እንዳለው ሲተማመን ነው። መተማመኛው ሲነቃነቅ ጨዋታው ይቆማል፣ ልጁም መመለሻውን መጠበቅ ይጀምራል።

> ልጁ ማልቀስ የጀመረው ስለባሰበት ሳይሆን ስላደገ ነው።

ለምን ተደብቆ መውጣት አይሆንም?

ተደብቆ መውጣትን የምንመርጠው ከርኅራኄ ነው። ልጅ ሲያለቅስ አንጀት ይበላል። ሳያይ ከወጣን የምናድነው ይመስለናል፤ ሞግዚቷም እናትየዋን የሸኘቻት አዝናላት ነው። በየቤቱ ያደግንበት ዘዴም ይኸው ነው። «ከረሜላ ገዝቼ ልምጣ» ተብሎ ይወጣል፣ ልጁም ከረሜላውን ማታ ያገኘዋል፤ ወይም እስኪረሳው ይጠበቃል።

ግን ከልጁ ቦታ ሆነን እንየው። ተሰናብታው በምትወጣ እናት ቤት፣ መውጣቷ ምልክት አለው። ጉንጩን ትስመዋለች፣ አንድ የታወቀ ነገር ትናገራለች፣ እጇን ታወዛውዛለች፣ ትሄዳለች። ልጁ በዚያች ቅጽበት ያለቅሳል። ነገር ግን ምልክቱ ያልታየበት ሰዓት ሁሉ የሰላም ሰዓት መሆኑን ቀስ በቀስ ይማራል። እናቱ ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ አልሳመችውም፤ ስለዚህ አልሄደችም ማለት ነው። ጀርባውን ሰጥቶ መጫወት ይችላል።

ምልክት ሳይኖር ለምትጠፋ እናት ልጅ ግን ማንኛዋም ደቂቃ ልትሄድ የምትችልባት ደቂቃ ትሆንበታለች። ጀርባውን የሰጠ ዕለት፣ መጫወቻ ያነሳ ዕለት ነው የሄደችው። ስለዚህ ዞር አይልም፣ መጫወቻም አያነሳም፤ ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ድረስ የሚከተላትም ለዚህ ነው። ያቺ መጫወቻ ያንሿሿችለት ሞግዚትም በዚያው ትጎዳለች። ነገ ስትጠራው እናቱ ልትጠፋበት እንደሆነ ያውቃልና እሷኑ ይፈራል። ልጁን ማባበል የሚገባት ሰው የመለየት ምልክት ሆና አረፈችው።

አንዲት ልጆቿን ያሳደገች ሴት «እኛስ እንዲያ አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?» ብትል አይፈረድባትም። ያኔ ግን እናት ተደብቃ ስትወጣ ልጁ የሚቀረው በቤቱ፣ ከአያቱ ወይም ከታላቅ እህቱ ጀርባ ላይ ነበር። የሚያውቀው ሽታ፣ የሚያውቀው አልጋ፣ የሚያውቀው ድምፅ አብሮት ነበር። ማቆያው ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁሉም እንግዳ ነው። የድሮውን ዘዴ አዲስ ቦታ ላይ ስናመጣው ያ ሁሉ ድጋፍ የለውም።

አንዲት እናት፣ አንዲት ሞግዚት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር

ወደዚያች የአሥራ ስድስት ወር ልጅ እንመለስ። እስከዚያ ድረስ ቤት የምትይዛት ሞግዚት ነበረቻት፤ ሞግዚቷ ወደ ዐረብ አገር ሄደች። አያት ክፍለ ሀገር ናቸው። እናት ያለቻት ምርጫ የመሥሪያ ቤቱ ማቆያ ብቻ ነበር። ልጅቷ በአንድ ወር ውስጥ የምታውቃትን ሰው አጥታ፣ ወዲያውኑ ወደማታውቀው ክፍል ገባች። እናትየዋ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ሥራ ልትለቅ ስትል፣ ከማቆያው ሞግዚቶች በዕድሜ ከፍ ያሉት ሴት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ ሌላ መንገድ እንሞክር አሉ።

መጀመሪያ ያደረጉት ልጅቷን የሚቀበላት ሰው አንድ እንዲሆን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት በሩ ላይ የሚጠብቋት እትዬ ራሳቸው ሆኑ። እናትየዋ ደግሞ የልጅቷን ጠዋት አሥር ደቂቃ አስቀደመችው። ይህች አሥር ደቂቃ ለስንብቱ የተጨመረች አይደለችም፤ ከስንብቱ በፊት ያለች ናት። ጫማ አብረው ያወልቃሉ፣ ቦርሳውን አብረው ይሰቅላሉ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለው ኩባያ ይደረድራሉ። እትዬ መጥተው አጠገባቸው ይቀመጣሉ፣ አራተኛውን ኩባያ እሳቸው ያስቀምጣሉ። ልጅቷ እናቷን ሳትለቅ ከእትዬ ጋር መጫወት ትጀምራለች።

ከዚያ ስንብቱ ይመጣል። እናትየዋ ትንበረከክና ዓይን ለዓይን ሆና «እማዬ ሥራ ልትሄድ ነው። ምሳ ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ ስትነሺ እመጣለሁ» ትላለች። ቀኝ ጉንጯን፣ ግራ ጉንጯን፣ እንደገና ቀኝ ጉንጯን ትስማለች። በራሷ እጅ አንስታ ለእትዬ ትሰጣታለች፤ «ቻው» ትላለች፣ እጇን ታወዛውዛለች፣ ትወጣለች። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

እያንዳንዷ ነገር የገባችበት ምክንያት አላት። «ቶሎ እመጣለሁ» ያልተባለው ቶሎ ስለማትመጣ ነው። ምሳና እንቅልፍ ደግሞ ልጅቷ በየቀኑ የምታልፍባቸው ነገሮች ናቸው፤ ሰዓት ባታውቅም ቅደም ተከተል ታውቃለች። እትዬ ምሳ ሲያቀርቡላት «ምሳ በላሽ፤ አሁን ትተኛለሽ፤ ከዚያ እማዬ» ይሏታል፤ የእናቷን ቃል በእናቷ አነጋገር ይደግሙላታል። እናት በራሷ እጅ የምትሰጠው ደግሞ ልጅ ከእናት ላይ ሲመነጨቅ የሚያየው አንድ ሰው ሲቀማው ስለሆነ ነው። እናት ስትሰጥ «ይህን ሰው አምናለሁ» ማለቷ ነው።

እንግዲህ ልጅቷ አለቀሰች። የመጀመሪያው ቀን ከበፊቱ ይልቅ ጮኸች፤ ምክንያቱም አሁን መሄዷን አየች። ብዙ እናቶች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። በር ላይ ደርሳ ተመልሳ የምታቅፍ እናት ልጇን አላጽናናችም፤ አጥብቆ ያለቀሰ እናቱን እንደሚመልስ አስተማረችው፤ ሁለተኛው ስንብትም ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቻው ከተባለ መሄድ ነው። ፊት ላይም ሥራ አለ፤ የእናት ዓይን እንባ ካቀረረ ልጁ ቦታው የሚያስፈራ መሆኑን ከእሷ ፊት ያነባል። ማልቀስ የፈለገች እናት ደረጃው ላይ ታልቅስ።

እትዬ «አታልቅሺ» አላሉም፣ «አያ ጅቦ መጣልሽ»ም አላሉም። «እማዬ ሄደችብሽ፤ ከፋሽ። ስትነሺ ትመጣለች» እያሉ በክንዳቸው ይዘዋት በመስኮት ዛፍ ላይ ያሉትን ወፎች አሳዩዋት። የመጀመሪያው ሳምንት ልቅሶው ረጅም ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት እናትየዋ ደረጃውን ሳትጨርስ ጸጥ ይል ጀመር። ከዚያም በፊት ግን ቤት ውስጥ ለውጥ ታየ። ልጅቷ እናቷ ወጥ ቤት ስትገባ መከተሏን ተወች።

> የታወቀ ስንብት ያለው ልጅ፣ ስንብት በሌለበት ሰዓት ሁሉ ያርፋል።

የእናት ሽታ ያለበት ጨርቅ መተውም ይረዳል፤ ይህች እናት የአሮጌ ነጠላዋን ጥበብ ያለበትን ጫፍ ቆርጣ ሰጥታታለች። ትንሽ ቁራጭ ይሁን፣ አንገት ላይ የሚጠመጠም ረጅም ሻሽ አይሁን፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ በመኝታ ሰዓት ምንም ልቅ ጨርቅ አጠገቡ አይተው።

ጀርመኖቹ ሰኞን ለምን ይፈራሉ?

ከላይ ያለው እናትየዋ በችግር መሐል ያገኘችው ነው። ቢቻል የሚመረጠው ገና ከመጀመሪያው ቀን በዕቅድ መጀመር ነው። በጀርመን አገር ብዙ ማቆያዎች የሚከተሉት «የበርሊን የማለማመድ ዘዴ» የሚባል ሥርዓት አለ። ስሙን ያገኘው ከተዘጋጀባት ከተማ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወላጅና ልጅ አብረው ይመጣሉ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። መለየት የሚባል ነገር የለም። ወላጁ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ልጁን አይገፋም፣ ከሌሎች ልጆችም ጋር ጨዋታ አይጀምርም፤ ልጁ ሲመለስበት ይቀበለዋል። ካምፓላ አጠገብ ሳሎን ውስጥ የታየው ነገር ሆን ተብሎ ሲደገም ማለት ነው። በአራተኛው ቀን ወላጁ ይሰናበታል፣ ከክፍሉ ይወጣል፣ ግን በአቅራቢያ ይጠብቃል። ሞግዚቷ ልጁን ማባበል ከቻለች እስከ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ምንም ካላረጋጋው ወላጁ ይመለሳል፤ ይህ ልጅ ተጨማሪ ቀናት ያስፈልጉታል ማለት ነው። ያኔ ወላጅን የሚመልሰው ሞግዚቷ ጠርታው ነው፤ ከበሩ ላይ ራሱ ተሸንፎ ከመመለስ ይለያል።

አራተኛው ቀን ሰኞ ላይ ከዋለ ግን የመጀመሪያው መለያየት ወደ ማክሰኞ ይተላለፋል። ልጁ ሁለት ቀን ከቤቱ ሰዎች ጋር ውሎ መምጣቱ ስለሆነ ሰኞ ለእሱ አዲስ መጀመሪያ ነው። የእኛም ሞግዚቶች ይህን ያለ ሥርዓት ያውቁታል፤ «ሰኞ ሰኞ ሁሉም ያለቅሳል» ይላሉ። ለተላመደ ልጅ ሰኞ ጠዋት አምስት ደቂቃ መጨመር ብቻ ብዙ ይቀንሳል።

ለእንዲህ ያለ ማለማመድ ሁለት ሳምንት ያህል ሥራ ትቶ ማቆያ ውስጥ መቀመጥ ለአዲስ አበባ እናት ቀላል እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ልጁ መለየትን በሚፈራበት ዕድሜ ለማለማመድ የተለየ ፈቃድ የለም። ስለዚህ ከዓመት ፈቃድ ላይ ሦስት አራት ቀን ለዚህ ማስቀረት ያዋጣል። እናት ካልቻለች አባት ይችላል። እንዲያውም አንዳንድ ልጆች ከአባት ሲለዩ ይቀልላቸዋል፤ ጡት ከምትሰጥ እናት መለየት ሌላ ነገር ነውና። አያት ወይም አክስት ቢሆኑም ጥሩ ነው፤ ዋናው ልጁ የሚተማመንበት ሰው መሆኑ ነው።

የምሳ ሰዓት ስንብት

በመሥሪያ ቤት ማቆያዎች ውስጥ አንድ ብዙም ያልተወራለት ጉዳይ አለ። እናቶች በምሳ ሰዓት ወርደው ያጠባሉ። ይህ ለልጁ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ግን በቀን ሁለት ስንብት አለ ማለትም ነው። ጠዋት በሥርዓት የተሰናበተች እናት ቀን ላይ ልጁ ጡት እንደያዘ ሲያሸልብ ቀስ ብላ አስተኝታው ትሄዳለች። ሲነቃ እናቱ የለችም፤ ጠዋት የተሠራው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ይፈርሳል።

መፍትሔው ከማሸለቡ በፊት፣ ገና ዓይኑ ሳይከደን፣ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር አሳጥሮ መናገር ነው፤ «ትተኛለህ፣ ስትነሳ እመጣለሁ»። ጡቱን ሲጨርስ ለሞግዚቷ በነቃበት መስጠት ከተቻለም ይሻላል። የማታጠባ እናት ደግሞ ናፍቆት ይዟት በመስኮት ልታይ ትመጣለች። ልጁ በመስኮቱ ካያት ግን መጥታ ያልገባች እናት ሆነችበት። መምጣት ካለ መግባት፣ መግባት ካለ መሰናበት ነው። አለበለዚያ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይበቃል።

መቼ ነው ማሰብ ያለብን?

ጸጥ ማለት ሁሉ መላመድ አይደለም። እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት ጄምስና ጆይስ ሮበርትሰን በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጆን የተባለ የአሥራ ሰባት ወር ልጅ ቀርጸው ፊልም አድርገዋል። እናቱ ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ እሱ ሌሊትም የሚያድርበት ማቆያ ውስጥ ለዘጠኝ ቀን ገባ። ሞግዚቶቹ ደጎች ነበሩ፤ ግን በፈረቃ ይቀያየራሉ። ጆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ አንዷ ይጠጋል፣ እሷ ትሄዳለች፣ ወደ ሌላዋ ይጠጋል፣ እሷም ሥራ ይጠራታል። እየዋለ ሲያድር ከመጠጋት ይልቅ መሬት ላይ ትልቅ አሻንጉሊት አቅፎ ይተኛ ጀመር። የቀን ማቆያና አዳሪ ማቆያ አንድ አይደሉም፤ ይሁንና ልጅን የሚጎዳው የእናት መሄድ ብቻ ሳይሆን በእሷ ምትክ የሚጠጋው አንድ ሰው ማጣቱ ጭምር መሆኑን ያ ፊልም በግልጽ ያሳያል።

ስለዚህ ማታ ሞግዚቷን «አልቅሳለች?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይነግርም። የሚነግረው «ካለቀሰች በኋላ ወደ ማን ሄደች? ምሳዋን በላች? ምን ተጫወተች?» የሚለው ነው። በር ላይ አምርራ አልቅሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እትዬ ጭን ላይ የተቀመጠች፣ ምሳዋን የበላች፣ የተኛች ልጅ ደህና ናት። ማታ እናቷን ስታይ እንደገና ብታለቅስ ወይም ብታኮርፍ እንኳ በደል ደርሶባታል ማለት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የያዘችውን ለምታምነው ሰው ማውጣቷ ነው። ድምፅ ሳታሰማ በሩ ሥር የምትቀመጥ፣ ጫማዋን ይዛ የማትለቅ፣ ሞግዚት ስታቅፋት እንደ እንጨት የምትደርቅ፣ ከሳምንታት በኋላም የማትበላና የማትጫወት ልጅ ግን ባታለቅስም አልተላመደችም። ቀኑን ማሳጠር፣ አንድ ቋሚ ሞግዚት መጠየቅ፣ ማለማመዱን ከመጀመሪያው መድገም ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ተላምዶ ወራት የቆየ ልጅ ድንገት በሩን ሲፈራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ምክንያት አለው፤ ጥርስ እያወጣ ነው፣ ጆሮውን አሞታል፣ ቤት ውስጥ አዲስ ሕፃን ተወልዷል፣ የለመዳት ሞግዚት ለቃለች፣ ወይም ከረጅም የበዓል ዕረፍት ተመልሷል። እነዚህ ከሌሉና ልጁ አንድ የተለየ ሰው ሲያይ የሚሸማቀቅ ከሆነ፣ ሰውነቱ ላይ ምክንያቱ ያልተነገረ ምልክት ካለ፣ ወይም ማቆያው ወላጅ ባልተጠበቀ ሰዓት እንዳይገባ የሚከለክል ከሆነ፣ በዚያን ቀን ልጁን ይዞ መመለስ እንጂ «ይለምደዋል» ማለት አይገባም። ሦስት ዓመት አልፎት ለአራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቤት ውስጥም ሳይቀር ከወላጁ መለየት የማይችል፣ በዚህም የተነሳ እንቅልፍና ምግብ ያጣ ልጅ ደግሞ ለሕፃናት ሐኪም ወይም ለሥነ ልቦና ባለሙያ ቢታይ ይሻላል። ሲወስዱትም ወዴትና ለምን እንደሚሄድ ቀድሞ ሊነገረው ይገባል።